የኮአርተምን ማብራሪያ ወረቀት እንዴት እናንብብ? ከመተማ የተመለሰ የአንድ ሕመምተኛ ጉዳይ

በኅዳር መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም ከገባ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል፣ አንዲት እናት ጎንደር አዘዞ አካባቢ ወደምሠራበት ፋርማሲ በጠዋት መጡ። በእጃቸው የተከፈተ የኮአርተም ካርቶን ይዘው ነበር፤ ከ24ቱ ክኒኖች 16 ቀርተዋል። መድኃኒቱ ከመተማ በረሃ የሰሊጥ አጨዳ ቆይቶ በትኩሳት ለተመለሰ ልጃቸው ከአንድ ቀን በፊት በጤና ጣቢያ ደሙ ተመርምሮ የታዘዘ ነው። «ልጄ፣ መድኃኒቱ አልያዘለትም መሰለኝ፤ ሌሊቱን ሲቃጠል አደረ» አሉኝ። ምን ሰዓት እንደዋጠ፣ ምን እንደበላና ሌላ ምን እንደወሰደ አንድ በአንድ ስጠይቃቸው የሰማሁት ነገር ነው ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰና እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ነው፤ በካርቶኑ ውስጥ የታጠፈችውን ወረቀትም ዘርግቶ አንብቧታል። ሆኖም በሦስት ቦታ ተሳስቷል። ሦስቱም ስሕተቶች የመጡት ወረቀቷ የተጻፈችበት ሰዓት፣ ገበታና አጠራር ከእኛ የተለየ በመሆኑ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የኮአርተምን ወረቀት ከላይ እስከ ታች የምናነበው በዚህ ልጅ ጉዳይ በኩል ነው። ኮአርተም ስል አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተባሉት ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን የተጣመሩበትን ማለቴ ነው፤ ሌሎች አምራቾች በሌላ ስም ያወጡትም በአገራችን ሕዝቡ ዘንድ ብዙ ጊዜ በዚሁ ስም ይጠራል።

አንደኛ፦ ወረቀቷና ክኒኑ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ማረጋገጥ

ከማንበብ በፊት ካርቶኑን፣ ክኒኖቹ የታሸጉበትን ሉህና ወረቀቷን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሦስቱም ላይ የመድኃኒቱ ስምና ጥንካሬው አንድ መሆን አለበት። ጥንካሬ የምንለው በአንዱ ክኒን ውስጥ ስንት ሚሊግራም መድኃኒት እንዳለ ነው። የተለመደው ክኒን 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን ይይዛል፤ በካርቶኑ ላይም 20/120 ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን 80/480 የሆነ፣ አራት እጥፍ ጠንካራ የሆነ ክኒንም አለ። የመጀመሪያውን አንድ አዋቂ በአንድ ጊዜ አራት ክኒን ሲወስድ ሁለተኛውን ግን የሚወስደው አንድ ብቻ ነው። የጎረቤትን ወረቀት ተውሶ የራስን ክኒን መዋጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የማለፊያ ቀኑን እዩ፤ እሱ በካርቶኑና በሉሁ ላይ ነው ያለው። ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ይጀምርና ወርና ዓመት ይከተላል። ይህ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 05/2026 የሚል ካያችሁ መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከዚያ ወር መጨረሻ፣ ማለትም በእኛ እስከ ግንቦት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ብቻ ነው። «2026 ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል» ብለው ያለፈበትን መድኃኒት በመሳቢያ ያቆዩ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥር እስከ ነሐሴ ላለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 8፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ላለው ደግሞ 7 መቀነስ በቂ ነው።

ሁለተኛ፦ «ለምን ይጠቅማል» የሚለውን ክፍል እስከ መጨረሻው ማንበብ

ይህ ክፍል አጭር ስለሆነ ሰው «ለወባ» የሚለውን አይቶ ያልፈዋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሦስት ገደቦችን ይዟል። መድኃኒቱ ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት ለተያዘ፣ ሕመሙ ላልተወሳሰበበት ሰው ነው። «ያልተወሳሰበ» ማለት ሕመምተኛው ራሱን ያውቃል፣ ይጠጣል፣ ክኒን ውጦ ማስቀረት ይችላል ማለት ነው፤ ከዚህ ያለፈው በደም ሥር ወይም በመርፌ የሚሰጥ ሕክምና ይፈልጋል። እንደገናም ወባ እንዳይዝ አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ አይደለም። በአገራችን ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነትም በብዛት አለ፤ እሱ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚመለስ ኮአርተም ብቻውን ሥሩን አይነቅለውም። ስለዚህ የምርመራ ውጤታችሁ የትኛውን ዓይነት እንደሚል ጠይቁና በካርቶኑ ላይ ጻፉት።

የጎንደር ከተማ ደጋ ላይ ናት፤ ወባው በአብዛኛው የሚመጣው ከመተማና ከሁመራ ቆላማ ቦታዎች እንዲሁም ከደንቢያ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከመነሻ ምክንያቶቹ አንዱ ከዚያ ቀደም ብሎ በደንቢያ የደረሰው ከባድ የወባ እልቂት እንደነበር የከተማው አረጋውያን ያውቁታል። ዛሬም ከበረሃ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቤተሰቡ ሳያስመረምር ወደ ወባ መድኃኒት ይሮጣል። ሆኖም ከዚያው በረሃ የሚመጣ ሌላ በሽታም አለ፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውየው እየከሳ ከሄደና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ካላዛር ሊሆን ስለሚችል የትኛውም የወባ ወረቀት ለእሱ አልተጻፈም።

ሦስተኛ፦ መጠኑን ወደ ራስ ኪሎ፣ ሰዓትና ገበታ መመለስ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ የልጁ ሁለት ስሕተቶችም የተፈጸሙት እዚሁ ላይ ነው።

መጠኑ የሚወሰነው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው። 20/120 ለሆነው ክኒን፣ ከ5 ኪሎ እስከ 15 ኪሎ ያልሞላ ሕፃን በአንድ ጊዜ 1፣ ከ15 እስከ 25 ያልሞላ 2፣ ከ25 እስከ 35 ያልሞላ 3፣ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ 4 ክኒን ይወስዳል። ልጁ 58 ኪሎ ስለሚመዝን በአንድ ጊዜ 4፣ በጠቅላላው ለስድስት ጊዜ 24 ክኒን ማለት ነው። ሕፃን ከ5 ኪሎ በታች ከሆነ ወረቀቷ መጠን አትነግራችሁም፤ ክኒን ከፍሎ መገመት አይገባም፣ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ወረቀቷ የምትለው ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ እንዲወሰድ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ደግሞ ጠዋትና ማታ እንዲወሰድ ነው። ልጁ ይህን ለእናቱ ሲተረጉም «ከ8 ሰዓት በኋላ» አለ። በአማርኛ ይህ ሐረግ ሁለት ትርጉም አለው፤ «ስምንት ሰዓት ያህል ቆይተህ» ማለትም ይሆናል፣ «ከቀኑ 8 ሰዓት ሲያልፍ» ማለትም ይሆናል። የመጀመሪያውን መጠን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ስለወሰደ ሁለተኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት መሆን ሲገባው፣ እናቲቱ ልክ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ውሃና ክኒን አቀረቡለት። በመካከሉ ያለፈው አራት ሰዓት ብቻ ነው። ፋርማሲ ላይ ሆኜ «ከ8 ሰዓት በኋላ» ማለትን ያቆምኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው፤ አሁን ሰዓቱን ራሱን በካርቶኑ ላይ እጽፋለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለጀመረ ሰው የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

የመጀመሪያው ቀን፦ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት
ሁለተኛው ቀን፦ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሌሊት 4 ሰዓት
ሦስተኛው ቀን፦ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሌሊት 4 ሰዓት

እያንዳንዱ ሲዋጥ አጠገቡ ምልክት ይደረግበት። ትኩሳት ያለበት ሰው የዋጠውን አያስታውስም፤ አስታማሚም ይቀያየራል።

ስድስቱን ሁሉ መጨረስ ለምን ያስፈልጋል? ሁለቱ መድኃኒቶች ሥራቸውን ተከፋፍለው ስለሚሠሩ ነው። አርቴሜተር ቶሎ ገብቶ አብዛኛውን ተውሳክ ይገድልና በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል፤ ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን የሚበርደውም በእሱ ነው። ሉሜፋንትሪን ግን ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ለቀናት በደም ውስጥ በመቆየት የተረፈውን ይለቅማል። በሁለተኛው ቀን «ዳንሁ» ብሎ የቀሩትን ክኒኖች ለሌላ ጊዜ ያስቀመጠ ሰው የለቃሚውን ሥራ ነው ያስቀረው፤ ሕመሙ ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ አዲስ ወባ የያዘው ይመስለዋል።

ምግቡን በተመለከተ ወረቀቷ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር፣ በተለይም ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር እንዲወሰድ ትመክራለች። ምክንያቱ ሉሜፋንትሪን በባዶ ሆድ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ብቻ መሆኑ ነው። ልጁ ይህን ሲያነብ «ወተት» የሚለው ቃል አቆመው። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀምስም። ስለዚህ ወረቀቷ የምትለውን ለእሱ እንደማትሆን ቆጥሮ አለፈውና ሁለተኛውን መጠን በባዶ ሆዱ ዋጠ።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሚያስፈልገው ቅባት እንጂ ወተቱ ወይም ቅቤው አይደለም፤ መጠኑም ብዙ አይደለም። በዘይት የተሠራ ሽሮ በእንጀራ፣ የኑግ ወይም የሰሊጥ ልጥልጥ፣ የለውዝ ቅቤ በዳቦ፣ ግማሽ አቮካዶ፣ እነዚህ ሁሉ የጾም ምግቦች ናቸው፤ ሁሉም ይሠራሉ። ደረቅ ቆሎና ሻይ ግን አይበቃም። ችግሩ ያለው በምግቡ ዓይነት ሳይሆን በሰዓቱ ላይ ነው፤ የጠዋቱን መጠን ሳይበሉ መውሰድ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንሰው ለሦስቱ ቀናት በጠዋት መቅመስ ግድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ እንዳላት የማያውቅ ምእመን የለም፤ የሚያስጨንቀው ካለ የንስሐ አባቱን በዚያው ቀን ይጠይቅ እንጂ መድኃኒቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አይግፋው። ማቅለሽለሽ ምግብ የከለከለው ሰው ደግሞ ጥቂት ጉርሻ ቢቀምስ ይሻላል፤ መብላት እንደቻለ ምግቡን መጨመር አለበት።

በዚሁ ክፍል ከታች፣ ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል፣ «ካስመለሰስ?» የሚለው ይመለሳል። መድኃኒቱ ከተዋጠ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰ ሙሉው መጠን እንደገና ይወሰዳል። ልጁ ያንን የ8 ሰዓት መጠን ከዋጠ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አስመልሶታል፤ ነገር ግን «መድኃኒቱ ይበዛብኛል» ብሎ ፈርቶ አልደገመውም። ስለዚህ 8 ክኒን ከካርቶኑ ቢወጣም በሰውነቱ የቀረው የአንዱ ጊዜ 4 ክኒን ብቻ ነው። የሚደገመው ከዚያው ካርቶን ሲነሣ መጨረሻው ላይ ክኒን እንደሚጎድል አስቀድሞ ማወቅና ከሰጠው ተቋም ማሟያ መጠየቅ ያስፈልጋል። የተደገመውንም ካስመለሰ ሦስተኛ መሞከር የለም፤ በክኒን መታከም አልቻለምና ወደ ሐኪም ይሂድ። ሳይወሰድ የተረሳ መጠን ደግሞ እንደታወሰ ይወሰዳል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ደርቦ መዋጥ ግን አይፈቀድም።

አራተኛ፦ የማይስማሙትን መድኃኒቶች በቤተሰባቸው ስም መፈለግ

የልጁ ሦስተኛ ስሕተት ያለው እዚህ ነው። ትኩሳቱ ሌሊት ሲበረታ ጎረቤት ያቀበለውን ሲፕሮፍሎክሳሲን ዋጠ፤ ቀደም ሲል ለታይፎይድ ተሰጥቶ የተረፈ ነው። በኮአርተም ወረቀት ላይ «ሲፕሮ» የሚል ቃል ፈልጎ አላገኘም፤ ስለዚህ ምንም አይደል አለ።

ወረቀቶች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት መድኃኒቱን በግል ስሙ ሳይሆን በቤተሰቡ ስም ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው «ፍሎሮኪኖሎን» እና «ማክሮላይድ» የተባሉ አንቲባዮቲኮች የሚል ነው። የቤተሰቡን አባል የምታውቁት በስሙ መጨረሻ ነው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲን፣ ሁሉም በ«ፍሎክሳሲን» የሚያልቁት የመጀመሪያው ቤተሰብ ናቸው። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ደግሞ የሁለተኛው ናቸው፤ ነገር ግን በ«ማይሲን» የሚያልቅ ሁሉ ማክሮላይድ ስላልሆነ እዚህ ላይ ከመገመት መጠየቅ ይሻላል። አደጋው ምንድን ነው? ኮአርተምም እነሱም የልብን የኤሌክትሪክ ምት በጥቂቱ ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ ሲደረቡ የልብ ምት የመዛባት ዕድል ይጨምራል። በወረቀቷ ላይ «ኪው ቲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካያችሁ የምትናገረው ስለዚህ ነው። በተፈጥሮው የልብ ምት ችግር ያለበት፣ በቤተሰቡ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት፣ ወይም በተቅማጥና በትውከት ብዛት ፖታሲየሙ የቀነሰ ሰው ይህን መድኃኒቱን ከመቀበሉ በፊት መናገር አለበት።

ሌላው ቡድን በተቃራኒው ኮአርተምን ያዳክመዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፊኒቶይን ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያስወግደው ስለሚያደርጉ በደም ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። የነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሰው ፊት መናገር ካሳፈረው ፋርማሲስቱን ወደ ጎን ጠርቶ ይንገረው፤ መድኃኒቱን ራሱ እንዳያቋርጥ ግን አደራ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ወይም ሌላ ሆርሞን ያለው መከላከያ የምትጠቀም ሴትም ኮአርተም ሊያዳክምባት ስለሚችል ለአንድ ወር ያህል እንደ ኮንዶም ያለ ሆርሞን የሌለው ዘዴ እንድትጨምር ወረቀቷ ትመክራለች።

ስለ እርግዝና አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ወረቀቶች ኮአርተምን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሌላ አማራጭ ካለ እንዳይወሰድ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ በእነዚያ ወራትም እንዲሰጥ መክሯል፤ ወረቀት ዘግይቶ ነው የሚታደሰው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ወረቀቷን አይታ በራሷ ከመተው ወይም ከመዋጥ ይልቅ እርግዝናዋን ነግራ ሐኪሙ ይወስን፤ ያልታከመ ወባ ለእሷም ለጽንሱም ከመድኃኒቱ የከፋ ነው።

አምስተኛ፦ የጎንዮሽ ጉዳቶችን ከአደጋ ምልክቶች መለየት

ረጅሙ ዝርዝር ይህ ነው፤ ሰው አንብቦት መድኃኒቱን የሚጥልበትም ይኸው ነው። ዝርዝሩ በድግግሞሽ የተከፈለ ነው። «በጣም የተለመደ» የሚለው ከ10 ሰዎች ከ1 በላይ የሚያጋጥመው ነው፤ «አልፎ አልፎ» የሚለው ግን ከ1,000 ሰዎች በጥቂቶች ላይ ብቻ የታየ ሊሆን ይችላል። በኮአርተም ወረቀት በጣም የተለመዱ የተባሉት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ናቸው። እነዚህ የወባው ምልክቶችም ናቸው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሲታዩ መድኃኒቱን የሚያስቆሙ አይደሉም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እየቀለሉ መሄዳቸውን ማየት ነው።

ቀጥሎ ያሉት ግን ሌላ ናቸው። ፊት፣ ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሰውነት በሽፍታ ከተሸፈነ፣ ልብ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም ሰውየው ራሱን ስቶ ከወደቀ ቀጣዩ ክኒን አይዋጥም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ሕመሙ ራሱ እየከበደ መሆኑን የሚያሳዩትም አሉ፤ የያዘውን ሁሉ ማስመለስ ወይም መጠጣት አለመቻል፣ መቀባዠር ወይም ለመንቃት መቸገር፣ መንቀጥቀጥ፣ ቁጭ ማለት እስኪያቅት መዳከም፣ የዓይን ብጫነት፣ እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት፣ ትንፋሽ መፍጠን። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም በንቃት የሚጠበቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ሦስቱ ቀናት አልቀው ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ ወይም ለቆ በ28 ቀናት ውስጥ ከተመለሰ፣ ሁለተኛ ካርቶን መግዛት ሳይሆን ደም እንደገና ማስመርመር ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታትም ሽንት ከጠቆረ፣ ፊት ከገረጣና ደረጃ መውጣት ትንፋሽ ካሳጣ ደም እየተሰባበረ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ከኮአርተሙ ጋር ፕሪማኩዊን የተባለው ሌላ የወባ መድኃኒት የተሰጠው ሰው ይህን ልብ ይበል።

እናቲቱን ክኒን ጨምሬ አልሰደድኳቸውም። «እማማ፣ ወረቀቱንም ካርቶኑንም ሲፕሮውንም ይዛችሁ፣ ልጁን ደግፋችሁ አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ» አልኳቸው፤ በካርቶኑ ጀርባም «የተዋጠ፦ ጠዋት 4 ሰዓት። የተመለሰ፦ ቀን 8 ሰዓት ተውጦ 8 ተኩል ላይ» ብዬ ጻፍኩበት። ባለሙያው ልጁ መጠጣት መቻሉንና ራሱን ማወቁን አይቶ፣ የልብ ምቱን አዳምጦ፣ ማንም ያላዘዘውን ሲፕሮ አስቆመ፤ የጎደለውን 4 ክኒን ሰጥቶም ሰዓቱን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እንደገና ጻፈለት። ልጁ የቀሩትን መጠኖች በሰሊጥ ልጥልጥና በዘይት ሽሮ ወሰዳቸው። በአራተኛው ቀን እናቲቱ ባዶውን ሉህ ይዘው ሲመጡ በእያንዳንዱ ሰዓት አጠገብ በእስክሪብቶ የተደረገ ምልክት ነበር፤ የተመለሰው መጠን ብቻ ተሰርዞ ከጎኑ አዲሱ ሰዓት ተጽፎበታል።